36 ሰዓት የተቆለፈ ዜና

እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 1945 ከፓሪስ የተነሳ አንድ ወታደራዊ አውሮፕላን 17 የጦር ዘጋቢዎችን አሳፍሮ ወደ ሬምስ ከተማ አቀና። አውሮፕላኑ አየር ላይ ሳለ የተባበሩት ኃይሎች ጠቅላይ መምሪያ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ብርጋዴር ጄኔራል ፍራንክ አለን ለምን እንደተጠሩ ነገሯቸው። ጀርመን እጅ ልትሰጥ ነው። እነሱም የፊርማውን ሥነ ሥርዓት በዓይናቸው ያያሉ። ነገር ግን አንድ ግዴታ አለባቸው፤ ጠቅላይ መምሪያው እስኪፈቅድ ድረስ ያዩትንም ሆነ የሰሙትን ለማንም አያስተላልፉም። ዘጋቢዎቹ በክብራቸው ቃል ገቡ። ከእነሱ መካከል የአሶሺየትድ ፕሬስ የፓሪስ ቢሮ ኃላፊ ኤድዋርድ ኬኔዲ ይገኝ ነበር።

በማግስቱ ሜይ 7 (በእኛ ሚያዝያ 29 ቀን 1937 ዓ.ም.) ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ላይ፣ ጄኔራል አይዘንሃወር ጠቅላይ መምሪያቸው ባደረጉት የሬምስ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ጄኔራል አልፍሬድ ዮድል በጀርመን ስም ፈረመ። አምስት ዓመት ከስምንት ወር አውሮፓን ያነደደው ጦርነት በወረቀት ላይ አበቃ። ዘጋቢዎቹ ማስታወሻቸውን ይዘው ወደ ፓሪስ ተመለሱ። እነሱ የጠበቁት ዜናው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይለቀቃል ብለው ነበር። የተነገራቸው ግን ሌላ ሆነ፤ ዜናው ሜይ 8 ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት መውጣት የለበትም ተባሉ። ከፊርማው ጀምሮ ሲቆጠር 36 ሰዓት ያህል መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ኬኔዲ ያደረገው ነገር ሥራውን አሳጥቶታል። ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ክርክር ዛሬም በጋዜጠኞች መካከል አልተቋጨም። ክርክሩ የአንድ ሰው ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለታሪክ ጸሐፊዎች በተተወ ነበር። ነገር ግን በየቀኑ በየዜና ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ በአነስተኛ መልኩ የሚደገም ጥያቄ ነው።

ጋዜጠኞች ይህን ዓይነቱን ውል ኤምባርጎ ይሉታል። አንድ መሥሪያ ቤት፣ የሳይንስ መጽሔት፣ የመጻሕፍት አሳታሚ ወይም ኩባንያ ለሕዝብ ሊያወጣው ያሰበውን ጽሑፍ ቀደም አድርጎ ለጋዜጠኞች ይሰጣል፤ በአናቱ ላይ ግን «ከዚህ ቀንና ሰዓት በፊት አይታተምም» የሚል ማሳሰቢያ ይኖረዋል። ጋዜጠኛው በዚህ ጊዜ ውስጥ ያነባል፣ ባለሙያ ይጠይቃል፣ ፎቶግራፍ ያፈላልጋል፣ ዘገባውን ጽፎ ያስቀምጣል። ሰዓቱ ሲደርስ ሁሉም እኩል ይለቀዋል። ከስሙ ጋር የሚምታቱ ሌሎች ውሎች ስላሉ መለየት ያሻል። «ስሜን አትጥቀስ» የሚል ምንጭ የሚጠይቀው ማንነቱ እንዲሸሸግ ነው፤ ዜናው ራሱ ዛሬውኑ ሊወጣ ይችላል። ኤምባርጎ ግን ስም አይሸሽግም፤ ይዘትም አይቀንስም። የሚይዘው ሰዓቱን ብቻ ነው።

የሰዓት ጉዳይ ብቻ ከሆነ ታዲያ ሰው ለምን ይጣላበታል? ምክንያቱም ሰዓቱን የሚቆርጠው የዜናው ባለቤት ነው። ባለቤቱ ሰዓቱን የሚቆርጠው ደግሞ አንዳንዴ ለአንባቢ ጥቅም፣ አንዳንዴ ለራሱ ጥቅም፣ አንዳንዴም ለሦስተኛ ወገን ሲል ነው። ኬኔዲ የገጠመው ሦስተኛው ነበር።

ወደ ፓሪስ እንመለስ። ኬኔዲ ሜይ 7 ቀን ጠዋት ያወቀው ነገር ዜናው የተቆለፈው ወታደር እንዳይሞት ታስቦ አለመሆኑን ነው። የሶቪየት መሪ ስታሊን የሬምሱ ፊርማ አልበቃውም፤ በበርሊን፣ በቀይ ጦር እጅ ባለችው ከተማ፣ ሁለተኛ ሥነ ሥርዓት እንዲደረግ ፈለገ። ዋሽንግተንና ለንደን የእሱን ስሜት ላለመንካት ዜናው ከሞስኮ ጋር በአንድ ሰዓት እንዲነገር ተስማሙ። ኬኔዲና ባልደረቦቹ ቃል የገቡት በጦርነት ሕግ ለወታደራዊ ደኅንነት ነበር። አሁን ግን ቃላቸው የፖለቲካ ሥነ ሥርዓት መጠበቂያ ሆኖ አገኙት።

አንድ ነጥብ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ይጠቅማል። የሬምሱ ሰነድ ተኩስ የሚቆመው ሜይ 8 ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ1 ደቂቃ እንደሆነ ይናገራል። ዜናው እንዲወጣ የተፈቀደው ግን በዚያው ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። ጠቅላይ መምሪያው ራሱ ተኩስ ከመቆሙ ከስምንት ሰዓት በፊት ዜናውን ሊለቅ አቅዶ ከነበረ፣ እገዳው የተኩስ አቁሙን ይጠብቃል ለማለት ያስቸግራል። እንዲያውም ፊርማው መፈረሙን ያልሰሙ ወታደሮች መዋጋታቸውን ሊቀጥሉ ይችሉ ነበር። ሰዓቱ ምን እንደሚጠብቅ ማወቅ የሚቻለው እንዲህ፣ ከራሱ ከሰነዱ ጋር በማስተያየት ነው።

ያም ሆኖ ኬኔዲ ጠዋት ላይ ቃሉን አላፈረሰም። ውሳኔውን የቀየረው ከሰዓት በኋላ የመጣ ሌላ ዜና ነው። በሰሜን ጀርመን ፍሌንስበርግ ከተማ የተቀመጠው የጀርመን መንግሥት ርዝራዥ እጅ መሰጠቱን በሬዲዮ ለሕዝቡ አወጀ። ስርጭቱን የለንደን የሬዲዮ አድማጮች ይዘውት ነበር። ኬኔዲ ያሰላሰለው እንዲህ ነው፤ ፍሌንስበርግ በተባበሩት ኃይሎች እጅ ውስጥ ናት፤ ስለዚህ ይህ ቃል ያለ ጠቅላይ መምሪያው ፈቃድ በሬዲዮ ሊተላለፍ አይችልም። ፈቃድ የሰጠው ራሱ ቃል ያስገባቸው አካል ከሆነ ውሉን ያፈረሰው እሱ ነው። የተሸነፈው ሕዝብ የሰማውን የአሸናፊዎቹ ሕዝብ እንዳይሰማ የሚያደርግ እገዳ ምን ይጠብቃል?

ኬኔዲ ስልክ ከማንሳቱ በፊት አንድ ነገር አደረገ። ሳንሱር ክፍሉ ኃላፊ ዘንድ ሄዶ ከዚህ በኋላ በእገዳው እንደማይገዛ ነገረው። ኃላፊው ቁብ አልሰጠውም፤ ሁሉም የስልክና የቴሌግራም መስመር በሳንሱር እጅ ስለነበር ምንም አያደርግም ብሎ አስቦ ይሆናል። ሳንሱር የማይደርስበት አንድ ወታደራዊ የስልክ መስመር ግን ፓሪስን ከለንደን ጋር ያገናኝ ነበር። ኬኔዲ በዚያ መስመር ለንደን ያለውን የአሶሺየትድ ፕሬስ ቢሮ አገኘና ዜናውን በቃል አስጻፈ። በፓሪስ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ ዜናው በመላው ዓለም ተሠራጨ። የጦርነቱ ማብቃት በይፋ ሊነገር አንድ ሙሉ ቀን ሲቀረው የኒው ዮርክ ሕዝብ ወደ አደባባይ ወጣ።

የቀሩት 16 ዘጋቢዎች ቃላቸውን ጠብቀው፣ ያዩትን ታላቅ ታሪክ በኪሳቸው ይዘው፣ በፓሪስ ሆቴላቸው ተቀምጠው ቀሩ።

እዚህ ላይ ነው የኬኔዲ ጉዳይ ቀላል መሆኑ የሚያበቃው። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጠፋ» በሚል ሕዝብ መካከል ያደገ አንባቢ ለ16ቱ ማዘኑ አይቀርም። እነሱም እንደ ኬኔዲ የፍሌንስበርግን ሬዲዮ ወሬ መስማት ይችሉ ነበር፤ እንደ እሱ የፖለቲካውን ምክንያት ያውቁ ነበር፤ ሆኖም አብረው የገቡትን ቃል ለብቻቸው ማፍረስ አልፈለጉም። በቀጣዩ ቀን ከ50 በላይ የጦር ዘጋቢዎች የኬኔዲን ድርጊት በከባድ ቃል የሚያወግዝ ተቃውሞ ፈረሙ። ቁጣቸው ዜና ተቀደምን የሚል ቅናት ብቻ አልነበረም። ኬኔዲ ለሳንሱሩ ሲያስታውቅ ለእነሱ አላስታወቀም። ቃሉን ከሰጠው ወገን ጋር ጉዳዩን ጨረሰ፤ ቃሉን አብረውት ከሰጡት ጋር ግን አልጨረሰም። ኒው ዮርክ ከሚገኙት የራሱ አለቆች ጋርም አስቀድሞ አልመከረም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የተደበላለቁትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ለይቶ ማየት፣ ዛሬ ተመሳሳይ ወረቀት በእጁ የገባ አዘጋጅ ምን ማድረግ እንዳለበት ያሳያል።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ቃል ገብቻለሁ ወይ?» የሚለው ነው። ብዙዎች ይህን ጥያቄ ዘለው ያልፉታል፤ ሆኖም ሁሉም ነገር የሚቆመው በእሱ ላይ ነው። ኤምባርጎ ሕግ አይደለም፤ ስምምነት ነው። ስምምነት ደግሞ ሁለት ወገን ይፈልጋል። አንድ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ሳይጠየቅ፣ ሳያስፈቅድ፣ በአናቱ ላይ «ከሐሙስ በፊት አይታተምም» ብሎ የጻፈበትን መግለጫ በኢሜይል ቢልክ፣ ተቀባዩ ያልሰጠውን ቃል አላጠፈም። ለዚህ ነው ጠንቃቃ መሥሪያ ቤቶች መጀመሪያ «በዚህ ሰዓት የተገደበ ጽሑፍ አለን፤ ትስማማላችሁ?» ብለው የሚጠይቁት፤ ጽሑፉን የሚልኩት «አዎ» ከተባሉ በኋላ ነው። እንደ ሳይንስና ኔቸር ያሉ መጽሔቶች ደግሞ ጋዜጠኛው አስቀድሞ ተመዝግቦ፣ ደንቡን ተቀብሎ እንጂ ሳይስማማ ጽሑፋቸውን አያሳዩትም። ባልተስማሙበት ገደብ የማይገዛ ጋዜጠኛ በሕሊናው ነፃ ነው። ያም ሆኖ ላኪውን ደውሎ «እኛ በዚህ አልተስማማንም» ማለት ጠብን ያስቀራል፤ አንዳንዴም ሰዓቱ በሰላም እንዲነሳ ያደርጋል።

ኬኔዲ ግን ቃል ገብቷል። ስለዚህ ይህ በር ለእሱ ዝግ ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ «ዜናው በምን በኩል እጄ ገባ?» የሚለው ነው። ቃሉ የሚይዘው የተሰጠውን ጽሑፍ እንጂ በዓለም ላይ ያለውን እውነት ሁሉ አይደለም። ይህን ልዩነት ከማንም በላይ ያሳየችው አንዲት በግ ናት። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1997 ኔቸር መጽሔት፣ በስኮትላንድ የሮስሊን ተቋም ተመራማሪዎች ከአንዲት ጎልማሳ በግ የጡት ሕዋስ ያገኟትን የዶሊን ዜና ለጋዜጠኞች ቀድሞ ልኮ ነበር። ጽሑፉ የሚወጣው ሐሙስ ፌብሩዋሪ 27 ነው። ነገር ግን እሑድ ፌብሩዋሪ 23 ቀን የእንግሊዙ ኦብዘርቨር ጋዜጣ ዜናውን በፊት ገጹ አወጣው። ዘጋቢው ሮቢን ማኪ ያገኘሁት ከመጽሔቱ መግለጫ ሳይሆን ከሌላ ምንጭ ነው አለ። ይህ ከሆነ ያፈረሰው ቃል የለም። በሰዓታት ውስጥ የቀሩትም ጋዜጦች ተከተሉ፤ እስከ ሐሙስ የሚጠብቀው አልነበረም።

በሌላ ምንጭ አገኘሁት ማለት ግን ለመናገር የሚቀለውን ያህል ለማረጋገጥ አይቀልም። ጋዜጠኛው ማስታወሻውን ገልጦ የመጀመሪያውን ጥቆማ ከማን፣ መቼ እንዳገኘ ማሳየት መቻል አለበት። የተገደበውን ጽሑፍ አንብቦ ሲያበቃ ለሌላ ሰው ደውሎ «እስቲ ይህን ንገረኝ» ብሎ ያስነገረው ከሆነ፣ ምንጩ ሌላ አይደለም፤ ያው ጽሑፍ ነው። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ዘጋቢዎች በራሳቸው እየተከታተሉት ያለ ጉዳይ ሲሆን የተገደበውን ጽሑፍ ጭራሽ አልቀበልም ይላሉ። ከተቀበሉት እጃቸው ይታሰራል።

ኬኔዲ የፊርማውን ሥነ ሥርዓት ያየው በውሉ በኩል ነው። ፍሌንስበርግ የሰጠችው እጅ መሰጠቱን ብቻ ነበር፤ የሬምሱን ክፍል፣ የዮድልን ፊርማ፣ ሰዓቱን ግን የጻፈው ቃል ገብቶ ካየው ነው። ጥብቅ ሰው ቢፈርደው «የጀርመን ሬዲዮ ያለውን ብቻ ዘግበህ ያየኸውን እስከ ነገ ብታቆየው ቃልህም ይጠበቅ፣ አንባቢህም ይሰማ ነበር» ሊለው ይችላል። ብርቱው ክርክር ያለው እዚህ ላይ ነው። በኬኔዲ በኩል የሚሰጠው መልስም ቀላል አይደለም። ጦርነት አበቃ የሚል የሐሰት ወሬ በ1918 አንድ ጊዜ ዓለምን አሳስቷል፤ ያኔ ዩናይትድ ፕሬስ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አብቅቷል ብሎ ከእውነተኛው ቀን አራት ቀን ቀድሞ አውጥቶ ሕዝብ በከንቱ ጨፍሯል። የጠላት ሬዲዮ ቃል ብቻውን ማንንም አያሳምንም። በዓይኑ ያየ ምስክር ግን ያሳምናል።

ሦስተኛው ጥያቄ «ሰዓቱ የሚጠብቀው ማንን ነው?» የሚለው ሲሆን መልሱ ከጉዳይ ጉዳይ ይለያያል። ወታደር ወደ ባሕር ዳርቻ ሊወርድ ሲል ዘጋቢው ቢናገር ሰው ይሞታል። ለዚህ ነው ወደ ኖርማንዲ ከጦሩ ጋር እንዲሻገሩ የተመደቡት ዘጋቢዎች አፋቸውን የያዙት፤ ማንም ጥያቄ አላነሳበትም። በሕክምና ዜና ደግሞ የሚሰጠው ምክንያት ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1988 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን 22 ሺህ የሚያህሉ ወንድ ሐኪሞች የተካፈሉበትን ጥናት ሊያወጣ ነበር፤ አስፕሪን በየሁለት ቀኑ የወሰዱት በልብ ድካም የመያዝ ዕድላቸው ወደ ግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ሮይተርስ ሰዓቱ ሳይደርስ ከአንድ ቀን በፊት ዜናውን ለቀቀው። መጽሔቱ ለስድስት ወር ያህል ቀድሞ የሚሰጠውን እትም ከለከለው። የመጽሔቱ ክርክር ታካሚው በሬዲዮ ሰምቶ ሐኪሙ ዘንድ ሲመጣ ሐኪሙ ጥናቱን አንብቦ መልስ መስጠት አለበት የሚል ነው። ክርክሩ ሚዛን አለው፤ አስፕሪን ደም ስለሚያቀጥን ማን መውሰድ እንደሌለበት የሚያውቅ ሐኪም ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ይኸው ገደብ መጽሔቱ ራሱ የዜናው መነሻ ሆኖ በየሳምንቱ በጋዜጦች እንዲጠቀስ ያደርገዋል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አዘጋጁ በእያንዳንዱ ጉዳይ የትኛው እንደሚያመዝን መጠየቅ ይኖርበታል።

ሰዓቱ የሚጠብቀው የሰው ሕይወት ወይም የዘገባው ጥራት ከሆነ ይከበራል። የሚጠብቀው የአንድ ባለሥልጣን የንግግር ሰዓት ብቻ ከሆነ ደግሞ ገና ቃል ሳይገባ «አንስማማም» ማለት ይቻላል። ከገባ በኋላ ግን ምክንያቱን አልወደድኩትም ብሎ ብቻ ማፍረስ አይበቃም። የኬኔዲ ጉዳይ ከዚህ የሚለየው ምክንያቱ ከተነገረው ምክንያት ሌላ ሆኖ በመገኘቱ ነው። ለደኅንነት ተብሎ የተወሰደ ቃል ለፖለቲካ ሲውል፣ ቃል የሰጠው ሰው «እኔ የተስማማሁት በዚህ አይደለም» የማለት መብት አለው።

አራተኛው ጥያቄ «እውነት ተፈትቷል ወይ?» ነው። አንድ ጋዜጣ ዜናውን ቀድሞ ካወጣ ሌሎቹ መጠበቃቸው ትርጉም ያጣል፤ አንባቢው ሰምቶታልና። ሆኖም ሰዓቱ ፈርሷል የሚባለው በማኅበራዊ መገናኛ ላይ የታየ ጭምጭምታ ሲኖር አይደለም። መጀመሪያ የወጣው ነገር በትክክል ያው ዜና መሆኑን ማየት፣ ቀጥሎም ሰዓቱን የወሰነውን አካል ደውሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በአብዛኛው ባለቤቱ ራሱ «ተነስቷል» ብሎ ለሁሉም ያስታውቃል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1996 ከማርስ የመጣ አለት የሕይወት ምልክት ሊኖረው ይችላል የሚለው የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጽሑፍ ቀድሞ ሲሾልክ ሳይንስ መጽሔት ገደቡን አንስቷል፤ ናሳም የጋዜጣ ጉባኤውን አስቀድሞታል። መጥሪያው ካልተመለሰ፣ ባለቤቱም ዝም ካለ፣ ጋዜጠኛው ፍርዱን በራሱ ይሰጣል፤ ኬኔዲም ያደረገው ይህን ነበር።

እነዚህ ጥያቄዎች ለአዲስ አበባ የዜና ክፍሎች ሩቅ አይደሉም። በአፋር ምድር የሚገኙ ታላላቅ ቅሪተ አካላት ለዓለም የሚነገሩት በእነዚሁ መጽሔቶች ሰዓት ነው። ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በዲኪካ ያገኛት የ3.3 ሚሊዮን ዓመቷ ሰላም በኔቸር የወጣችው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 2006 ነው፤ አርዲ ደግሞ በ2009 በሳይንስ መጽሔት ስትወጣ የጋዜጣ ጉባኤው በዋሽንግተንና በአዲስ አበባ በአንድ ጊዜ ተካሄደ። በገዛ አገሩ የተገኘውን አጥንት ዜና ለመጻፍ የለንደን ወይም የዋሽንግተን ሰዓት የሚጠብቅ ኢትዮጵያዊ ጋዜጠኛ ቅር ቢለው አይፈረድበትም። በሌላ በኩል ደግሞ ቀድሞ የደረሰው ጽሑፍ ባይኖር፣ በአንድ ሌሊት 3 ሚሊዮን ዓመት ስላስቆጠረ የትከሻ አጥንት ምን ማለት እንደሆነ በአማርኛ አስተካክሎ መጻፍ ይከብደዋል። የተሰጠው ጊዜ ከሁሉ በፊት ለትርጉም ይጠቅመዋል።

ለእኛ ጋዜጠኞች ከሁሉ የባሰው አደጋ ግን ክህደት ሳይሆን የሰዓት ቆጠራ ነው። መግለጫው «3 PM» ብሎ ሲመጣ በችኮላ 3 ሰዓት ተብሎ ከተነበበ ዜናው ስድስት ሰዓት ቀድሞ ከጠዋቱ ይለቀቃል፤ ማንም ሳያስበው ቃል ይፈርሳል። የለንደን ሰዓት ደግሞ በበጋና በክረምት ይቀያየራል፤ የእኛ አይቀየርም። ስለዚህ ኔቸር ረቡዕ በለንደን ሰዓት ከቀትር በኋላ 4 ላይ የሚፈታው ጽሑፍ፣ እነሱ ሰዓታቸውን ባላዘዋወሩበት ወቅት ለእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ባዘዋወሩበት ወቅት ከምሽቱ 12 ሰዓት ይሆናል። ብዙ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች የሚወዱት «00:01 GMT» ደግሞ ለእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ነው፤ ቀኑም እኛ ገና «ማታ» የምንለው ሌሊት ላይ ይለወጣል። ልምድ ያላቸው አዘጋጆች በወረቀቱ ራስጌ ላይ የመጀመሪያውን ሰዓት ከነአገሩ፣ ከጎኑ የእኛን ሰዓት፣ ከዚያም ቀኑን በሁለቱም ዘመን አቆጣጠር ይጽፋሉ። ለድረ ገጽ ቀድሞ የሚቀመጥ ዘገባ ካለ ደግሞ በራሱ የሚለቀቅበትን ሰዓት ሁለት ሰው ያየዋል። ስህተት ከደረሰም ዜናውን ወዲያው አውርዶ ባለቤቱ ሳያውቅ ቀድሞ ደውሎ መንገር ነው፤ የሚቀጣው መሥሪያ ቤት እንኳ ስህተትንና ክህደትን ይለያል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አዘጋጁ ገደቡን ለማፍረስ ከወሰነ አንድ ነገር ይቀረዋል፤ ማን እንደሚከፍል ማሰብ። ቅጣቱ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በአፍራሹ ላይ ብቻ አይደለም። ሮይተርስ ሲቀጣ ከዚያ መጽሔት ዜና የሚቀበሉ ደንበኞቹ ሁሉ ለስድስት ወር ወደ ኋላ ቀሩ። ኬኔዲ ሲያፈርስ ጠቅላይ መምሪያው የአሶሺየትድ ፕሬስን መላ የአውሮፓ ዘገባ ለሰዓታት አገደ፤ በግንባር ያሉት ባልደረቦቹ የሚልኩት ወረቀት ሁሉ ቆመ። ለዚህ ነው ውሳኔው የአንድ ዘጋቢ ብቻ እንዳይሆን፣ ከዋና አዘጋጁ ጋር ተመክሮበት፣ ምክንያቱ በጽሑፍ ሰፍሮ፣ ለገደቡ ባለቤት አስቀድሞ ተነግሮ መሆን ያለበት። ኬኔዲ ከነዚህ ውስጥ የመጨረሻውን አድርጓል። የመጀመሪያውን አላደረገም፤ በዚያ ቀትር በፓሪስና በኒው ዮርክ መካከል ሳንሱር ያልዘጋው መስመር አልነበረውም ብሎ የሚከራከርለትም አለ።

ሜይ 8 ቀን ትሩማንና ቸርችል ሕዝቦቻቸው አንድ ቀን ቀድመው የሰሙትን ዜና በይፋ ተናገሩ። በበርሊንም ስታሊን የፈለገው ሁለተኛ ፊርማ በካይትል እጅ ተፈጸመ። በሞስኮ ደግሞ የድል ቀን ሜይ 9 ሆኖ ቀረ። የኬኔዲ መልእክት አንድ ወታደር እንኳ አስገደለ የሚል ክስ ማንም ሊያስረዳ አልቻለም።

ቢሆንም ጦሩ የዘጋቢነት ፈቃዱን ነጥቆ ወደ አሜሪካ መለሰው። የአሶሺየትድ ፕሬስ ፕሬዚዳንት በይፋ ተጸጸትኩ አለ፤ ድርጅቱም በዚያው ዓመት አሰናበተው። ኬኔዲ ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ የአነስተኛ ከተማ ጋዜጦችን ሲያዘጋጅ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1948 በአትላንቲክ መጽሔት ላይ ስለዚያ ቀን ጽፎ፣ ዳግም ቢገጥመኝ ይህንኑ አደርጋለሁ የሚል ርዕስ ሰጠው። በ1963 በመኪና ተገጭቶ ሞተ። የጻፈው ማስታወሻ በሕይወቱ ሳለ አሳታሚ አላገኘም፤ የወጣው በ2012 በልጁ አማካይነት ነው። የአሶሺየትድ ፕሬስ ፕሬዚዳንት ቶም ከርሊም በዚያው ዓመት፣ ኬኔዲ ከተባረረ 67 ዓመት በኋላ፣ ድርጅቱ በእሱ ላይ ያደረገው ስህተት እንደነበር ገልጸው ይቅርታ ጠየቁ። በካሊፎርኒያ በሞንቴሬይ አቅራቢያ በቆመለት መታሰቢያ ላይ የተጻፈው ለዓለም አንድ ተጨማሪ የደስታ ቀን እንደሰጠ ነው። ከ50 በላይ ዘጋቢዎች የፈረሙበት የተቃውሞ ወረቀት ግን እስከ ዛሬ አልተሻረም።